ለዘይቱ ተከፍሎኛል

ስልካችሁ ላይ ያቺ ቀይ ነጥብ ስትበራ ልባችሁ ድንግጥ አይልም? የእኔ ይላል። ሰው እኮ «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ጽፎልኝ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚታየኝ ፖሊስ ነው፣ ቀጥሎ ሆስፒታል፣ ከዚያ አከራያችን። ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ሻንጣ ስጭን የምውል ሰው ነኝ፤ ሻንጣ ከእጄ ቢወድቅ እንኳ ከባለቤቱ ቀድሜ የምደነግጠው እኔ ነኝ። እህቴ ትዕግስት «አንተ ሳትፈራ የዋልክ ቀን ሐኪም እንጠራለን» ትለኛለች። ትሳቅ። አንድ ሰሞን ግን እሷም እንደ እኔ ፈራች። የማወራችሁም ስለዚያ ሰሞን ነው።

ትዕግስት ቦርንሃይም በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር አንድ ጸጉር ቤት ወንበር ተከራይታ ሹሩባ ትሠራለች። ሰው ሁሉ በስልኩ ቪዲዮ መቅረጽ በጀመረበት ጊዜ እሷም ኒድ ሰፈር ባለው ቤታችን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ የጸጉር አያያዝ በአማርኛ ታስተምር ጀመር። ቀራጩ እኔ ነበርኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን በነጻ ነው የምሠራው፣ ምን ትበል?

ሰው ወደዳት። ለምን መሰላችሁ? የመሰላትን ስለምትናገር ነው። አንድ ታዋቂ ቅባት አንስታ «ይሄ ለሚንጫጫ በር ይሆናል፣ ለጸጉር ግን አይሆንም» ያለች ጊዜ ሰው በሳቅ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ከጎረቤት ከተማ ከኦፈንባህ ድረስ ይመጡላት ጀመር። ከሁሉ በላይ ደግሞ አደይ ለተብርሃን ነበሩላት።

አደይ ለተብርሃንን ልንገራችሁ። ኤርትራዊት ናቸው («አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ነው)፣ እዚህ አገር ሠርተው ጡረታ የወጡ። አማርኛውን ትምህርት ቤት ስለተማሩት ከእኛ ይልቅ አጥርተው ይናገሩታል። የልጅ ልጃቸውን ሣራን ሹሩባ ሊያሠሩ በየበዓሉ ይመጣሉ። እሳቸው በአማርኛ ያዛሉ፣ ሣራ በጀርመንኛ ትነጫነጫለች። ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሴቶች ደግሞ የሣራን ጸጉር አይተው ነው ልጃቸውን የት እንደሚወስዱ የሚወስኑት። አደይ ለተብርሃን ቀሩ ማለት ወንበሩ ባዶውን ዋለ ማለት ነው። የጸጉር ቤቱ ባለቤትም ባዶ ወንበር እንደማትወድ ደጋግማ ተናግራለች፤ ለሌላ ሰው አከራየዋለሁ ብላለች።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ የጸጉር ዘይት ነጋዴ ለትዕግስት ጻፈላት። ዘይቱን ልላክልሽ፣ ስለ እሱ ቪዲዮ ሥሪ፣ ልክፈልሽ አላት። በዚያ ላይ በስሟ ኮድ አወጣላት። ሰው ሲገዛ ያን ኮድ ካስገባ ዋጋው ይቀንስለታል፣ ለእሷም ከሽያጩ ድርሻ ይደርሳታል። የምትለውንም ጽፎ ላከላት። «ማስታወቂያ» የሚለውን ቃል ግን ፊት ለፊት አታድርጊው አለ፤ ሰው ቃሉን ሲያይ ያልፈዋል።

ነጋዴው የራሱ ምክንያት አለው። እኛ ግን ሌላ ምክንያት ነበረን። ትዕግስት ማስታወቂያ ሠራች የሚል ወሬ አዲስ አበባ ከገባ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ አይደል? የአክስታችን ቤት ጣራ ማፍሰስ ይጀምራል። የአጎታችን ልጅ ሠርጉን ያስፋፋል። በቪዲዮ ላይ «ተከፍሎኛል» ማለት ዘመድ ሁሉ እንዲደውል መለከት መንፋት ነው። ደግሞ የሰው ዓይን አለ፤ ሲሳይ የመጣለት ሰው ዝም ነው የሚለው። ስለዚህ ትዕግስት ካሜራው ፊት ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ «ራሴ ገዝቼ ሞከርኩት፤ ዕድሜ ልኬን ስፈልገው የነበረ ዘይት ነው!» አለች። ሌላው ሰው ማስታወቂያን የሚደብቀው ከገዢው ነው። እኛ የደበቅነው ከአክስታችን ነበር። ገዢው መሀል ገባብን።

ቪዲዮው በወጣ ማግስት ሥራ ቦታ ላንድ ባልደረባዬ በኩራት ነገርኩት። እሱ ግን ሻንጣውን አስቀምጦ አፈጠጠብኝ። ተከፍሎህ የሠራኸውን ነገር ማስታወቂያ ነው ብለህ ወዲያው በሚታይ ቦታ ካልጻፍክ በዚህ አገር ወንጀል ባይሆን እንኳ ጣጣ ነው አለኝ። ተፎካካሪ ነጋዴ ወይም አንድ ማኅበር በጠበቃ በኩል አብማኑንግ ይልክብሃል። ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛ አላደርግም ብለህ ትፈርማለህ፣ የጠበቃውንም ወጪ አንተ ትከፍላለህ። ፈርመህ ከደገምክማ ቅጣቱ ሌላ ነው።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ትዕግስት ስትሰማ ሳቀችብኝ፤ ግን ስልኳን አነሳች። ከቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ ከፍታ መጨረሻው ላይ በጀርመንኛ «ቬርቡንግ» ብላ ጨመረች፤ ማስታወቂያ ማለት ነው። የት? ሃሽታግ የሚባለው መሰላል መሳይ ምልክት ያለባቸው ቃላት ከተደረደሩበት መንጋ ጀርባ፣ «ተጨማሪ» የሚለውን ካልነኩ በማይታይ ቦታ። አማርኛ ለሚያዩ ሰዎች በጀርመንኛ የተጻፈ፣ ያውም የተቀበረ። ባልደረባዬ «ወዲያው የሚታይ» ነበር ያለው። እኔ ግን ቃሉ መኖሩን ብቻ ሰምቼ እንቅልፌን ተኛሁ። ፈሪ ሰው የሚያጽናናው ነገር ካገኘ አያጣራም።

መጀመሪያ የመጣው ምርቃት ነው። «እህቴ ተባረኪ፣ አዘዝኩት።» «አንቺ ካልሽማ አምናለሁ።» ይቺኛዋን ሳነብ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። በዚያው ሰሞን ሣራ ለትዕግስት ደውላ፣ አያቷ ቴርሚናቸውን፣ ማለትም ቀጠሯቸውን፣ እንደሰረዙ በጀርመንኛ ነገረቻት። ለምን? አላለችም። ሌላ ቀንም አልያዙም።

ቀጥሎ አንዲት ተመልካች ነቃች። ሽቱትጋርት ያለች ሌላ የጸጉር አስተማሪ ያንኑ ዘይት ይዛ «ዕድሜ ልኬን ስፈልገው የነበረ ዘይት ነው!» ስትል ሰምታለች። ሁለቱን ቪዲዮ ጎን ለጎን አድርጋ ለጠፈችው። ነጋዴው ለሁለቱም አንድ ጽሑፍ ልኮ ኖሯል! ሁለት ሴቶች በሁለት ከተማ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ጠርሙስ ሲፈልጉ ኖረው በአንድ ሳምንት ያገኙታል? ከትዕግስት ቪዲዮ ሥርም «ትዕግስት፣ ተከፍሎሽ ነው?» ብላ ጻፈች።

ትዕግስት ደነገጠች፤ ጥያቄውን አጠፋችው። አይ እህቴ! ጥያቄውን ፎቶ አንስተው የያዙት ነበሩ። ያ ፎቶ በፍራንክፈርት ሐበሻ የወሬ ቡድኖች ሁሉ ዞረ። አሁን የሚጠየቀው ለምን ተከፈላት ሳይሆን ለምን አጠፋችው ሆነ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ቢከፈላትስ ምን አለበት፣ ደክማ አይደል የምትሠራው አለ። ሌላው አበደ። አንዱ ያቺን የተቀበረች ቃል ቆፍሮ አወጣና «ለጠበቃው ነግራዋለች፣ ለእኛ ግን አልነገረችንም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው። አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መከፈሏ አይደለም የከፋኝ። ገዛሁት ማለቷ ነው። እኔ ከምበላው ቀንሼ ነው የገዛሁት።»

ይህን ያነበበች ዕለት ትዕግስት እራት አልበላችም። ወንበሩም ባዶውን ይውል ጀመር። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ቆጣ ብላ ብትናገር ይሻል ነበር፤ ዝም ብላ ወንበሩን እያየች ታልፋለች። ትዕግስት እጇ ሥራ ሲያጣ ያለ ምክንያት ማበጠሪያ ታጥብ ነበር። «አደይ ለተብርሃን ከሁሉም ቀድመው ነው የነቁብኝ» አለችኝ። «ገና ሌላው ሲመርቀኝ እሳቸው ሰርዘው ሄዱ። ሰው ዓይን ውስጥ ውሸት ያያሉ።» እኔም እሱን ነው የፈራሁት። እሳቸው ካልተመለሱ ወንበሩ አለቀለት፤ ወንበሩ ከሄደ ደግሞ ቪዲዮው ምን ይሆናል?

በመጨረሻ እንደገና መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ቅረጸኝ አለችኝ። ቪዲዮው ገና ሲጀምር፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ፣ በአማርኛ እንዲህ አለች፦ «ለዘይቱ ተከፍሎኛል። በኮዴ ስትገዙ ለእኔ ድርሻ ይደርሰኝ ነበር። ገዛሁት ያልኩት ውሸት ነው፣ በነጻ ተልኮልኝ ነው። ስትጠይቁኝም ጥያቄያችሁን አጠፋሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።» ኮዱን ማንሳቷን ተናገረች። ዘይቱም ጸጉር እንደሚያብለጨልጭ፣ ግን ከብዶ እንደሚያጣብቅ፣ መጀመሪያም ይህን ማለት እንደነበረባት ተናገረች። የድሮውን ቪዲዮ አላጠፋችውም፤ አርእስቱ መጀመሪያ ላይ «ማስታወቂያ» ብላ በአማርኛም በጀርመንኛም ጻፈችበት። እጄ በጣም ስለተንቀጠቀጠ በቪዲዮው ውስጥ መስኮቱ ሁሉ ይወዛወዛል።

ነጋዴው ተቆጥቶ ጻፈ፤ ከእንግዲህ አብረን አንሠራም አለ። ተመልካቹስ? አንዱ «ጀግና» አላት። አንዱ «ከተያዙ በኋላማ እውነት መናገር ማን ያቅተዋል» አላት፣ እሱም ልክ ነው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ሄደ። ያቺ ከምበላው ቀንሼ ያለችው እናት ምንም አልጻፈችም፤ ትዕግስት የእሷን ስም ስትፈልግ ታመሽ ነበር። አንዲት ሴት ደግሞ ይህን ሁሉ ንስሐ ሰምታ «ኮዱ ግን አሁንም ይሠራል?» ብላ ጠየቀች። ወንበሩ ግን ያው ባዶ ነው።

እኔ ዕረፍት በሆንኩበት ቀን ምሳ ልወስድላት ጸጉር ቤት ሄድኩ። በሩ ተከፈተ። አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሣራን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ቴርሚን አልያዙም። እኚህ ሴት ሰው ፊት ሊያዋርዷት ነው የመጡት ብዬ ምሳውን እንደያዝኩ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። የጸጉር ቤቱ ባለቤትም ሥራዋን አቁማ ታያለች።

ሣራን ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። ትዕግስት አንገቷን ደፍታ «አደይ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎ ገና ከመጀመሪያው አውቀውብኛል» አለች።

«ምኑን ነው የማውቀው?» አሉ አደይ ለተብርሃን። «አንቺን አምኜ ያን ዘይት ገዛሁ፤ ትራሴንም ነጠላዬንም አበላሸው፣ የልጅቱን ጸጉር ሙጫ አደረገው። አንቺ ደግሞ ገዝቼ ወደድኩት ትያለሽ! ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔ ‹ይህቺ ልጅ ስለ ጸጉር የምታውቀው ነገር የለም፣ የልጅ ልጄን ራስ አልሰጣትም› ብዬ ነው የቀረሁት። ትናንት ሣራ አዲሱን ቪዲዮ አሳየችኝ። ለካ ዋሽተሽ ነው እንጂ ሳታውቂ ቀርተሽ አይደለም! ተመስገን አልኩ። በይ ጀምሪላት፤ ደግሞ ከግንባሯ ላይ አታጥብቂው።»