ለክቡር አቶ ኦጅዋክ፣ ባሉበት፦ ሳህን ስላለማጠብ

ሳህን የማያጥብ ሰው ክፉ ሆኖ አያውቅም፤ መከራውም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ተጣልቶ መገላገል ነበር። ግን ሁልጊዜ ሳቂታ ነው፣ ያለውን አካፋይ ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ስሙን እየጠራ ይሮጥለታል። እርስዎ ብቻ እጅጌዎን ሰብስበው፣ ሳፋ ላይ አጎንብሰው፣ የሱን ገንፎ ከድስት ሲፍቁ ይውላሉ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ኖሮ የማያውቅ ካለ እግዜር ይወደዋል ማለት ነው።

በጋምቤላ ከተማ የዚህ ወገን አለቃ ክቡር አቶ ኦጅዋክ ናቸው። አንቱታው ለደብዳቤው ይቆየንና፣ ኦጅዋክ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭንና የሚያወርድ ጎልማሳ ነው። ከባሮ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ በእማማ አጁሉ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ከወልደሥላሴ ጋር ይኖራል። ወልደሥላሴ ከደጋ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥራው ደብዳቤ ማርቀቅ ነው፤ ዝውውር፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጥሪ፣ ስንብት። ቁጭ ማለት አይችልም። ሙቀቱ አያስቀምጠው፣ ጉንዳኑ አያስቀምጠው፣ ሳፋው ደግሞ ጭራሽ አያስቀምጠው።

የኦጅዋክ ቃል አንድ ናት፤ «ይራስ።» የዓሣ ወጥ ድስት? ይራስ። የሻይ ብርጭቆ? እሱም ይራስ። «ወልዴ፣ አንተ ትቸኩላለህ» ይላል እግሩን ዘርግቶ፣ «ውኃው ይሥራ። ውኃ ጠንካራ ነው።» ውኃው ግን በጋምቤላ ሙቀት እስከ ቀትር ይተናል፤ ገንፎውም ከድስቱ ጋር ተጋብቶ በሽቦ እንኳ አልለቅ ይላል። ወልደሥላሴ ከቢሮ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ሳፋውን ነው። ያየዋል፣ ይዞራል፣ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ተመልሶ ያየዋል። በመጨረሻ ከበርሜሉ በጣሳ ቀድቶ እየተነጫነጨ ያጥባል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን በቃው። የዳቦ መቁረጫ ቢላ እንኳ ንጹሕ አጣ። ደሙ ፈልቶ ወረቀት አወጣና የለመደውን ሥራ ሠራ፦

«ለክቡር አቶ ኦጅዋክ
ባሉበት
ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ክቡርነትዎ በጋራ መኖሪያችን ተመግበው ሲያበቁ ሳህን፣ ድስት፣ ማንኪያና ብርጭቆ ሳያጥቡ በሳፋ ውስጥ በማከማቸት ላይ እንደሚገኙ በተደረገው ማጣራት ተረጋግጧል። በተለይም የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ በወባ ተኝቶ በነበረበት ወቅት ሾርባ የሠሩበት ትልቁ ድስት እስካሁን ከነጥላሸቱ መገኘቱን እጅግ አሳዛኝ ሆኖ አግኝተነዋል። በቃል በተደጋጋሚ ቢነገርዎም «ይራስ» ከማለት በስተቀር ያሳዩት መሻሻል የለም። በመሆኑም ከዚህ ድርጊትዎ እንዲታቀቡ እያሳሰብን፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር አግባብነት ያለው እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን በጥብቅ እንገልጻለን።

ከሰላምታ ጋር
ወልደሥላሴ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አጁሉ፣ የቤቱ ባለቤት
ለፋይል»

ኦጅዋክ ገና መካከሉ ላይ ሲደርስ በሳቅ ፈረሰ። «አግኝተነዋል ትላለህ፤ እናንተ እነማን ናችሁ?»

«መሥሪያ ቤቱ ነው» አለ ወልደሥላሴ ኮስተር ብሎ። ሁለቱም ሳቁ። ኦጅዋክ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ሄደ። እስከ ታች አላነበበውም።

እዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ግን ወልደሥላሴ ዕድሜውን ሙሉ ግልባጭ ተብሎ ስሙ ለተጻፈ ሰው ሳያደርስ የቀረው ደብዳቤ የለም። እጁ ለምዶበታል። የፋይሉን ቅጂ ሳጥኑ ውስጥ አኖረ፤ የእማማ አጁሉን ደግሞ በበራቸው ሥር አሾልኮ ገበያ ወጣ። ምንም አልመሰለውም። አይ የቢሮ ሰው!

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ሳፋው ተደፍቶ ነበር። ሳህኖቹ ታጥበው፣ ማንኪያዎቹ ተደርድረው፣ ያ የሾርባ ድስት በአሸዋ ተፈግፍጎ ፊት የሚያሳይ ሆኖ ጠበቀው። ወልደሥላሴ ደስ ሊለው አፉን ከፈተ። ከዚያ የተጠቀለለውን ፍራሽ አየ። ኦጅዋክ በርከክ ብሎ በገመድ ያስረዋል።

«ምንድን ነው? የት ልትሄድ ነው?»

«እማማ አጁሉ ጠሩኝ። ወረቀት መጣ አሉ። ልቀቅ አሉኝ።»

«ቀልድ እኮ ነው!»

«ለኔ ስትሰጠኝ ቀልድ ነበር፤ ስቄያለሁ» አለ ኦጅዋክ ቀና ሳይል። «ለሳቸው ስትሰጥ ግን ከሰስከኝ። እሳቸው እናቴን ያውቃሉ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንዘምረው። እኔ እዚያ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

ወልደሥላሴ ተፈትልኮ ወጣ። ግቢውን አቋርጦ እማማ አጁሉ ዘንድ ገባ። በመስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ፤ ደብዳቤው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ተሰክቷል።

«እማማ፣ ያ ወረቀት ጨዋታ ነው። ይተዉት።»

«ወረቀት ጨዋታ ነው እንዴ ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው። «ስሜን ጻፍክ። እርምጃ ይወሰዳል አልክ። ቤቱ የኔ ነው፤ እርምጃ የምወስድ እኔ ነኝ። ወሰድኩ።»

«ይቅር አልኩ እኮ።»

«በአፍ? በወረቀት ያመጣኸውን በወረቀት ውሰድ። ያንተ ቢሮስ እንደዚህ አይደለም?»

እንደዚህ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእጅ የወጣ ወረቀትማ ይብሳል። ደብዳቤን የሚሽረው ሌላ ደብዳቤ ብቻ መሆኑን ከወልደሥላሴ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሮጦ ወረቀት አመጣ፣ ቆሞ ጻፈ፣ አነበበላቸው። ኦጅዋክ የታሰረውን ፍራሽ ትከሻው ላይ አድርጎ ሊሰናበታቸው በሩ ላይ ደርሷል።

«ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያ ስለመሻር። ቀደም ሲል በአቶ ኦጅዋክ ላይ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ በቂ ማጣራት ሳይደረግበት የተላለፈ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ የተሻረ መሆኑን እየገለጽን፣ ግለሰቡ በነበሩበት ሁኔታ እንዲቀጥሉ...»

እማማ አጁሉ እጃቸውን አነሡ። «አቁም። ይሄ ከባድ ነው፤ ምን ማለት ነው?»

«ማለት... የቀድሞው ውሳኔ ተነሥቶ...»

«ልጄ፣ ምን ማለት ነው?»

ወልደሥላሴ ወረቀቱን አየው። ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«እንዳይሄድ ነው» አለ። «በወባ ስቃጠል በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ሾርባውን በማንኪያ ያጎረሰኝ እሱ ነው። እዚህ አገር ሌላ ሰው የለኝም እማማ። እሱ ሲስቅ ነው ቁጭ የምለው። ሳህኑን እኔ አጥባለሁ፤ ሁሉንም አጥባለሁ። ብቻ አይሂድብኝ።»

እማማ አጁሉ በቆሎውን አስቀምጠው ወደ በሩ አዩና «ግባ» አሉ። ኦጅዋክ ፍራሹን ከትከሻው አወረደ።

«ወልዴ፣» አለ ገመዱን እየፈታ፣ «ዛሬ ገና አማርኛህ ገባኝ።»