በር ላይ የቆሙት ፈታሽ

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የልጄ እርጥብ ፀጉር ነው። የአምስት ወር ሕፃን ናት፤ በራሷ እግር ሄዳ ውኃ አትነካም። እኛ ሠፈር ደግሞ ዝናብ ጠብ አላለም።

ሁለት እምነት የተጋባበት ቤት ሁሉ አንድ ፈታሽ ዘመድ አያጣም። የእኛዋ ግን የተመረቁበት ናቸው፤ የባለቤቴ አክስት፣ ሠላሳ ዓመት በጉምሩክ ሻንጣ ሲበረብሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፤ በመካከላችን የእኔ ማቀዝቀዣ።

ክብርት ፈታሿ ገና ከመግባታቸው ይከፍቱታል። ላይኛው መደርደሪያ የእኔ ሥጋ፣ ታችኛው የባለቤቴ፤ ቢላዎቹም ለየብቻ ናቸው። አንዱን ቢላዋ አንሥተው የማን እንደሆነ ይጠይቁና ያቺን ማሳረጊያቸውን ያስከትላሉ፦ "እኔ ምን አገባኝ፤ ዝም ብዬ ነው የምጠይቀው።" አንዴ ለልጄ የማንጎራጉረውን እሹሩሩ ከበር ጀርባ አድምጠው ግጥሙ ምን እንደሚል መረመሩኝ። ተኚ ነው የሚለው አልኳቸው። አላመኑም።

ልጅቷ ሳትወለድ ነው ውል የጻፍነው፤ ሁለቱም አያቶች "የእኛ ናት" ብለው ስለተኳረፉ። በዓል ሲሆን ወደ ባለ በዓሉ ወገን እንሄዳለን። የሁለቱንም ጸሎት ትሰማለች። ክርስትና አትነሣም፣ ለእስልምናም ሥርዓት አይፈጸምላትም፤ አሥራ ስድስት ሲሞላት ራሷ ትመርጣለች። ከየወገኑ አንድ ምስክር ፈረመ። አጎቴ ጫር አድርጎ ተነሣ። በባለቤቴ በኩል ፈታሿ መነጽራቸውን አውጥተው ሦስት ጊዜ አነበቡና በየገጹ ፈረሙ።

ታዲያ ዛሬ፣ ስንት ሳምንት "ለአንድ ጠዋት ስጪኝ" ሲሉኝ ከርመው፣ ልጄን እርጥብ አድርገው መለሱልኝ። ቅባ ሜሮን ይሸት እንደሆነ የልጄን አናት አሸተትኩ። ቦርሳቸውን ከፈትኩ፤ ለካ ፍተሻ ይጋባል። ከውስጡ ትንሽ ነጭ ቀሚስ አወጣሁ። አዲስ ነው፤ የሱቁ ወረቀት አልተቀደደለትም።

"እትዬ፣ ይሄ የማን ነው?" አልኳቸው።

ቀሚሱን አዩት። "የእሷ። ቄሱም ክርስትና እናቷም እየጠበቁን ነበር" አሉ። "ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሼ ቆምኩ። ፈርሜያለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈረምኩበትን አጥፌ አላውቅም። እንዲሁ እንደቆምን ዝናቡ ያዘን።"

"ታዲያ ገብተው አይጠለሉም ነበር?"

"ከገባሁማ አልመለስም።"

ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየኋቸው። ነጠላቸው ልጄ ላይ ተጠቅልሏል፤ እሳቸው እስከ ወገባቸው ጠብ ጠብ ይላሉ።

ደመናው ወደ እኛም ዞሮ ስለነበር ሲወጡ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኳቸው። ተቀበሉኝ፤ ዘርግተው ውስጡን አዩ፣ እጀታውን ገለበጡ።

"የማን ነው?"

"የእኔ።"

"እኔ ምን አገባኝ" አሉና፣ ከጃንጥላዬ ሥር ሆነው መንገዱን ተሻገሩ።