የተፈጥሮዋ ሴት በመድረክ ላይ

በሺህ ዘጠኝ መቶ አስር ጸደይ፣ በፓሪስ ከተማ የሴት ወገብ ወደ ተፈጥሮ ቦታው እንዲመለስ ተወሰነ። የወሰነው የሴቶች ቅርጽ ጤና ጉባኤ ነው። አባላቱ በሙሉ ወንዶች ስለሆኑ ክርክሩ በሰላም ተጠናቀቀ።

ሊቀ መንበሩ ዶክተር አንሰልም ኩታር የምሥራቹን ይዞ እየሮጠ ቤቱ ገባ።

«ሲዶኒ! ነጻ ወጣሽ!»

«ከምን?» አለች ሚስቱ።

«ከኮርሴት ነዋ! ሳንባሽን ይጫናል፣ ጉበትሽን ያጣብቃል፣ አከርካሪሽን ያጎብጣል።»

ሲዶኒ ቀስ ብላ ዞረች፤ ፈጥና መዞር አትችልም ነበር። የለበሰችው ኮርሴት፣ ወገብን በክር ጠፍሮ የሚያጠብቀው የውስጥ ልብስ፣ ከፊት ቀጥ ያለ ብረት አለው፤ ብረቱ ሆዷን ወደ ታች ሲጫን ደረቷ ወደ ፊት፣ ዳሌዋ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከጎን ላያት ሰው ሁለት ሴቶች ተጣልተው በተለያየ አቅጣጫ ሊሄዱ የተነሡ ትመስላለች።

«ይኼን ለጤና ነው ብለህ ያስለበስከኝ አንተ አይደለህ?»

«እሱ የዛሬ አሥር ዓመት ጤና ነው» አለ ዶክተሩ በትዕግሥት።

በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ሹራብ የሚሠሩት እናቱ ማዳም ኦርታንስ ሳቁ።

«እኛም በጊዜያችን ነጻ ወጥተን ነበር፣ ልጄ። በፊት በፈረስ ጸጉር የተሸመነ ጉርድ በጉርድ ላይ ደራርበን ነበር የምንለብሰው። ሐኪሞቹ ይኼ ከበዳቸው አሉና የብረት ቀለበት በጥብጣብ እያንጠለጠሉ ክሪኖሊን ሠሩልን። እውነቱን ለመናገር ቀለለን፤ እግራችን ውስጡ እንደ ልቡ ይራመዳል።»

«ታዲያ ጥሩ ነበራ» አለች ሲዶኒ።

«በበር አያስገባም እንጂ! ምድጃ አጠገብ የቆመችማ ጫፉ እሳት ይዞት ነደደች። ኋላ ቀለበቱን ከፊት ጠፍጠፍ አድርገው፣ ትርፉን ሰብስበው መቀመጫችን ላይ ከመሩት። ያኔ ደግሞ ወንበር ላይ መቀመጥ ቀረ፤ ጫፉ ላይ በጎን ነበር የምንንጠለጠለው። እሱም ነጻነት ነው ተባልን።»

«እማማ፣ ያ ድንቁርና ነው፤ ይኼ ሳይንስ ነው» አለ ዶክተሩ። ቀጥሎም በጉባኤው ግብዣ ላይ ሲዶኒ መድረክ ወጥታ የተፈጥሮዋን ሴት እንደምታሳይ አስታወቀ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ማድሞዋዜል ኦዲል አዲሱን ቀሚስ ይዛ መጣች። እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ ነው። ሲዶኒ ኮርሴቷን ፈትታ ለካችው፤ ዳሌዋ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ።

«ዳሌዬ ከየት መጣ ልትይኝ ነው?»

«የተፈጥሮዋ ሴት ዳሌ የላትም፣ እመቤቴ» አለች ኦዲል በሐዘኔታ። ወዲያው ከሣጥኗ ረጅም ነገር አወጣች። ከጡት ሥር ይጀምርና ጭን ድረስ ይወርዳል፤ በጎን ላስቲክ፣ ዙሪያውን የብረት ዘንግ፣ ከኋላ ማሰሪያ ክር፣ ከታች የካልሲ መያዣ አለው።

«ይኼ እኮ ኮርሴት ነው!»

«ኧረ በጭራሽ! ኮርሴት ወገብ ያጠባል። ይኼ ወገቡን ትቶ ሌላውን በሙሉ ነው የሚያጠበው።»

ከላይ ደረቷ ድጋፍ ስላጣ ለብቻው ደረት መያዣ ተጨመረ። ቀሚሱ ከታች ጠባብ ነውና ሰፊ ርምጃ እንዳይቀድደው ጉልበቶቿ በጥብጣብ ታሰሩ። ሲዶኒ ነጻ ወጥታ አለቀች።

በግብዣው ምሽት የመድረኩን ደረጃ መውጣት ስላቃታት ሁለት አሳላፊዎች እንደ ምንጣፍ ተሸክመው አወጧት። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭኗ ላይ የደረሰው ብረት አልታጠፍ ስላላት ወንበር ቢያቀርቡላትም ቆማ ቀረች። ፊቷ በእፍረት ቀላ፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«እንደምታዩት» አለ ዶክተሩ፣ «የተፈጥሮዋ ሴት መቀመጥ አትፈልግም!»

ጉባኤው ይህን ግኝት በቃለ ጉባኤ አስመዘገበ። አንድ አባል ከሴቶች ማረፊያ ክፍል ወንበሮች እንዲነሡ ሐሳብ አቀረበ፤ ተደገፈ።

ዶክተሩ በደስታ ለታዳሚው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ያኔ ከሰደርያው ሥር የሆነ ነገር ቷ! አለ። የሸሚዙ ቁልፎች ተስፈነጠሩ፤ ለዓመታት ያልታየ ቦርጭ ወደ አዳራሹ ገባ። ሊቀ መንበሩ ትንፋሽ አጥሮት ወለሉ ላይ ተዘረረ። በተከፈተው ሸሚዝ ሥር የተበጠሰ ክርና የታጠፈ የብረት ዘንግ ታየ።

«አንሡት እንጂ!» ብላ ጮኸች ሲዶኒ።

አባላቱ ከበቡት። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመው ቁልቁል አዩት፤ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አላጎነበሰም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ ማዳም ኦርታንስ ከታዳሚው መካከል ተነሥተው ሲመጡ።

«ማጎንበስ ለጊዜው አይመቸንም» አለ ዋና ጸሐፊው፣ ሆዱን በስሱ እየዳበሰ።

ባላቸው ከሞተ ወዲህ ወገባቸውን በምንም ነገር አጥብቀው የማያውቁት አሮጊቷ እናቱ ብድግ አድርገው አነሡት።

ሲዶኒ ሳቋ መጣ። ከልቧ ልትስቅ ብትሞክር ዘንጉ ያዛት፤ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የቀሚሱን ጀርባ ከፈተችና ክሩን ፈታች፤ ከአንዱ አሳላፊም ቢላ ተቀብላ የጉልበቷን ጥብጣብ ቆረጠች። አንድ ጊዜ ስትራመድ ቀሚሱ እስከ ጭኗ ተተረተረ። በገዛ እግሯ ደረጃውን ወርዳ፣ አማቷን ደግፋ ወጣች።

ጉባኤው በሳምንቱ ተሰብስቦ የመጨረሻ ውሳኔ ሰጠ። ኮርሴት በወንድ ላይ ሲታሰር ሕክምና ነው። ሚስት ላይ ሲፈታ ደግሞ በሽታ።