የሁዘይፋ ሁለተኛ ዙር

ነቀምቴ ውስጥ ስኳር ልግዛ ብሎ ወጥቶ በአምስት ደቂቃ ስኳሩን ይዞ ቤቱ የገባ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ስኳሩ ቀላል ነው፤ ከባዱ ሰላምታው ነው። ከጊምቢ እስከ አኖ ድረስ ብትዞሩ፣ መጀመሪያ እናንተን፣ ቀጥሎ ቤታችሁን፣ ከዚያም ከብታችሁን ሳይጠይቅ እጁን ወደ ሚዛኑ የሚሰድ ባለሱቅ አታገኙም። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን የሁሉንም አለቃ ነው የማውቀው፤ ጎረቤቴ ነው።

ክቡር ሁዘይፋ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሱቋን የከፈቷት ከጉራጌ አገር የመጡት አባቱ ሲሆኑ፣ ስፋቷ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን አያስዘረጋም። የሰላምታ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ቢቋቋም ግን ሚኒስትሩን ፍለጋ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዘይት ጀሪካኑ ጀርባ ተቀምጧል።

እኔ መምህር ነኝ፤ በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ፊቴ አይፈታም። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን ሰላምታ ማለት ለእኔ አገጭ መነቅነቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሜ፣ "ሳሙና ስጠኝ" አልኩት። ሁዘይፋ ከኋላዬ ሌላ ሰው የመጣ ይመስል አሻግሮ ተመለከተ።

"እንዴት አደሩ?"

"ደህና። ሳሙና።"

"ቤተሰብስ?"

"አላገባሁም።"

"እናት አባት?"

"ደብረ ማርቆስ ናቸው።"

"ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው!"

"አልሐምዱሊላህ። የምን ሳሙና ልስጥዎት?"

ተናድጄ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ግን፣ "ደህና ናቸው" ያልኩት በምን አውቄ ነው የሚል ጥያቄ መጣብኝ። እናቴን ካነጋገርኳት ወር አልፎኛል። ደወልኩላት። ሳሙና ገዝቼ እናቴ ጋ የደወልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት የሰውየውን አሠራር ሳጠና ኖሬያለሁ። "ይሄ ንግድ ነው፤ ሰላምታውም እንደ ሚዛኑ የሥራ ዕቃው ነው" እያልኩ ለባልደረቦቼ አስረዳለሁ። ንግድም ቢሆን ግን እንደዚህ የተጣራ ሥራ በየትም አላየሁም። ሽማግሌ ከመጣ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ይዘረጋል፣ "አካም ቡልተን?" ይላል፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። እኩያው ከሆነ ተቀምጦ "አካም ቡልቴ?" ይለዋል። በ"ተን" እና በ"ቴ" መካከል ስንት ደንበኛ እንደሚጠፋ እሱ ያውቃል። ቀትር ካለፈ ማደር ቀርቶ መዋል ይጠየቃል። ለሙስሊሙ "አሰላሙ አለይኩም"፣ ከወሎ መጥተው ለሰፈሩት እናቶች ረዘም ያለው የአማርኛ "እንዴት ሰነበታችሁ"፣ "ጌታ ይመስገን" ለሚሉት ደግሞ እሱም "ይመስገን" ብሎ ይቀበላቸዋል። እኔን፣ ጎጃሜውን፣ "ባርሲሳ" ነው የሚለኝ፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። ከርእሰ መምህሩ ይልቅ እሱ ሲጠራኝ አስተማሪ የሆንኩ ይመስለኛል።

ሦስት ሰው አንዴ ቢገባ አይደናገጥም። ለአንዱ ሩዝ እየሰፈረ ሁለተኛውን በስሙ ይጠራዋል፣ ሦስተኛውን "ያ ጥርስ እንዴት ሆነ?" ይለዋል። ስሙ የተጠራና ጥርሱ የታወሰለት ሰው ወረፋ ረዘመ ብሎ አይወጣም። "ምን ልስጥህ?" የሚለውን ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚጠይቀው፤ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፣ አፉ ስለ ልጆችህ ሲጠይቅ እጁ የምትወስደውን ሻይ ቅጠል አውርዶ ጨርሷል።

የሚያሳፍረው ግን ከሌላ ሱቅ የገዛህ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ከዋናው መንገድ አዲስ ከተከፈተ ትልቅ ሱቅ ፓስታና ዘይት ገዝቼ፣ ፌስታሉን በማዶ በኩል ደብቄ ሳልፍ ያዘኝ። "ባርሲሳ! አካም ቡልቴ? ወገብህስ ተሻለህ?" አለኝ ከሌላው ቀን ሁሉ በሞቀ ድምፅ። ፌስታሉን አላየም፤ አለማየቱን እንዳይ አድርጎ ነው ያላየው። በማግስቱ ቤቴ ሞልቶ ሳለ ሌላ ዘይት ከእሱ ገዛሁ።

ትምህርቱ ከሱቁ በር አልፎ ባጃጁ ውስጥም ገብቷል። በራችን ላይ የሚቆመው ባለባጃጅ ገቢሳ የእሱ ደቀ መዝሙር ነው። ለእኩያ አንድ ጊዜ፣ ለትልቅ ሰው አጠር አድርጎ ሁለት ጊዜ ክላክስ ይነካል፤ ለሽማግሌ ጨርሶ አይነካም፣ አቁሞ አንገቱን አውጥቶ ነው ሰላም የሚለው። ደንበኛውን "ወዴት?" አይልም። "ባለፈው ያወረድኩልዎ በርበሬ ደርቆ ተፈጨ?" ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ባጃጅ መያዝ ክህደት ነው።

የዚህ ሁሉ ምስጢር ምን እንደሆነ ሁዘይፋን ጠይቄው አንድ ቀን ነገረኝ። "ሁለተኛው ዙር ነው" አለኝ። "መጀመሪያ ስትጠይቀው 'ነጋ' ይልሃል፤ ሰላም ነው ማለት ነው። ቤቱ እየተቃጠለም 'ነጋ' ይልሃል፣ ወጉ ነዋ። አትመነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው ትንሽ አጫውተው። ከዚያ ፊቱን እያየህ 'እና እንዴት ናችሁ?' በለው። ያኔ ነው የሚያመውን የሚነግርህ።"

ይህን ያለኝ ሰው ነው እንግዲህ ሁለተኛውን ዙር የዘለለው።

ኦቦ ጉሉማ በኡኬ መንገድ ከከተማው ወጣ ብለው በቆሎና ቡና የሚያመርቱ አዛውንት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ጨው ከሁዘይፋ ይገዛሉ። የሁለቱ ሰላምታ ሲጀመር እኔ የተማሪ ደብተር ማረም እጀምራለሁ፤ እስኪያልቅ ስድስት ሰባት ደብተር ይወጣኛል። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። እርሳቸው፣ ልጆቹ፣ ባለቤታቸው አዴ አሰፋች፣ ከብቱ፣ ቡናው።

በአረፋ ሁዘይፋ ሱቁን ዘግቶ ከነቤተሰቡ አገር ቤት ከርሞ ዓርብ ማታ ገባ። ቅዳሜ ሲከፍት አሥር ቀን የተጠራቀመ ደንበኛ በሩን ሞላው። ኦቦ ጉሉማ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ከሰው መሀል ቆመዋል። እኔም ነበርኩ።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ጉሉማ? እጆሌን ነጋ?" ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ማለቱ ነው።

"ነጋ።"

"ሃቲ ወራ ነጋ?" የቤቱ እመቤትስ ደህና ናት?

ሰውየው ትንሽ ዘገዩ። "ነጋ" አሉ። ሁዘይፋ ጨዉን አቀበላቸውና ወደ ሌላው ዞረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ በማዶው በኩል አልፈው ሄዱ፤ ሁዘይፋ ተጣራ፣ አልዞሩም። ገቢሳ ነው ያረዳው። "አልሰማህም እንዴ? አዴ አሰፋች እኮ ሞቱ። አገር ቤት ሳለህ፣ ማክሰኞ ተቀበሩ።"

ሁዘይፋ ማክሰኞን ከቅዳሜ ቀነሰና የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። "በተቀበረች በአራተኛው ቀን ደህና ናት ወይ አልኳቸው" አለ። "ባርሲሳ፣ ፊታቸውን አላየሁም።" ያዘነው ደንበኛ ይቀርብኛል ብሎ እንዳልሆነ እኔ እንኳ፣ ንግድ ነው ባዩ፣ ገባኝ። ኦቦ ጉሉማ ደግመው ሰላም ባይሉት ምን እንደሚሆን እንጃ።

እሑድ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋ። አብረኸኝ ሂድ አለኝ፤ ገቢሳ ወሰደን። መንገድ ላይ ገቢሳም ክላክስ አልነካም።

ኦቦ ጉሉማ በረንዳቸው ላይ አግዳሚ አስቀመጡን። ሁዘይፋ "አላህ ያጽናዎት" ካለ በኋላ አንገቱን ደፋ። ዓይኑ ግን ጥግ ላይ እንቁላል ታቅፋ በተቀመጠች ቀይ ዶሮ ላይ ቀረ። በዚህ ሰዓት ዶሮ ይገመግማል ብዬ ተናደድኩበት። ሰውየው አይተውት፣ "አሰፋች ናት ያስታቀፈቻት፤ በሞቷ ዋዜማ" አሉ።

"ኦቦ ጉሉማ፣ አላወቅሁም ነበር" አለ ሁዘይፋ። "ሰው በዛብኝና ደግሜ ሳልጠይቅዎት ቀረሁ። ባለሱቅ ብቻ ሳልሆን ወዳጅዎ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ሽማግሌው እኔ እንድሰማ ይመስለኛል በአማርኛ ነው የመለሱት። "ምን ቅያሜ አለ። አራት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ሞቷን ነው ያወራኝ። አንተ ብቻ ደህና ናት ወይ አልከኝ። ነጋ አልኩህ። ቤቴ እስክገባ ድረስ ደህና ነበረች።"

"ታዲያ ለምን ጠፉብኝ?"

"እስካሁን ሞቷን ሰምቷል ብዬ ነዋ። ሁለተኛ ደህና ናት ወይ ብሎ አይጠይቀኝም ብዬ።"

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ለገቢሳ አቧራው ነው አልኩት። እሱም ዓይኑን እየጠረገ አቧራው ነው አለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሊደርስ አምስት ቀን ቀረው። አምስቱንም ቀን ሁዘይፋ ሒሳብ ሲሳሳት፣ ስኳር ላለው ጨው ሲያወርድ ዋለ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባርኔጣው በር ላይ ታየ። ሁዘይፋ ከመቀመጫው ተነሳ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ዘረጋ።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ጉሉማ?"

"ነጋ።"

"እጆሌን ነጋ?"

"ነጋ።"

ቀጥሎ የአዴ አሰፋች ተራ ነው። እኔ ብሆን ወደ ከብቱ እዘል ነበር፤ ማንም ሰው ይዘል ነበር። ኦቦ ጉሉማ መሬት መሬቱን አዩ። ሁዘይፋ ትንፋሹን ሳበና፣

"የአዴ አሰፋች ዶሮስ ደህና ናት?" አለ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ነጋ" አሉ። "ዘጠኝ ፈለፈለች። አንዱ እግሩ ትንሽ ይሰንፋል። ግን ይበላል።"

ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ በቆሎው አወሩ። ዘይት የሚጠይቅ ሴትዮ መጣች፤ ሁዘይፋ ሰላም ብሎ አስቀመጣት እንጂ ፊቱን ከሰውየው አላነሳም። "እና እንዴት ናችሁ?" አለ በመጨረሻ። ኦቦ ጉሉማ ባርኔጣቸውን አውልቀው የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጡና እንቅልፍ እንደሌላቸው፣ ሌሊት ሌሊት እየጠሯት እንደሚነቁ ነገሩት።

ይህን ሰው እወደዋለሁ። ነጋዴ ነው እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ማማቴንም እዚሁ ላይ አምናለሁ። ኦቦ ጉሉማ ብዙ ቆይተው ሲነሱ ፊታቸው ቀለል ብሏቸው ነበር፤ የመጡበትን ጨው ሳይገዙ ወጡ። ሁዘይፋም ጨው የሚባል ነገር እንደሚሸጥ ረስቶ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኛቸው።